ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም

«ኬብሉ ደህና ነው፤ ቻርጅ ያደርጋል እኮ!»

ነጌሌ ቦረና ውስጥ ፋይሉን ከአሮጌ ስልክ ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ያቃተው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነግረኝ ይህን ነው። ስልኩ ላይ የባትሪው ምልክት ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም እንዳልተሰካበት ዝም ይላል። ባለቤቱም ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ወይም የስልኩ ሶፍትዌር ነው ብሎ ይደመድማል። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። አንዱ ዊንዶውስ እንደገና ያስጭናል፣ ሌላው ስልኩን ሪሴት ያደርጋል። ሪሴት የተደረገ ስልክ ደግሞ ፎቶውንም ድምፁንም ይዞ አይቆይም። ሊያድኑት የመጡትን ነገር በገዛ እጃቸው ያጠፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ግን የአንድ ኬብል ነበር።

ቻርጅ ማድረጉ ስለ ፋይል ምንም አይመሰክርም። የተለመደው የዩኤስቢ ኬብል ሲቆረጥ በውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀዩና ጥቁሩ ኃይል ያስተላልፋሉ፣ ነጩና አረንጓዴው ደግሞ መረጃ። ስልክ ለመሙላት ሁለቱ ይበቃሉ። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን ጠፍጣፋ ጫፍ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ አራት የብረት ንጣፎች አሉ፤ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ረዘም ይላሉ፣ መካከለኞቹ አጠር ይላሉ። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ረጃጅሞቹ የኃይል ናቸው፤ ሲሰካ ቀድመው ይነካሉ፣ ሲነቀል መጨረሻ ይለቃሉ። ስለዚህ ኬብሉ እስከ ጥግ ካልገባ ወይም መሰኪያው ከላላ ኃይሉ እያለፈ መረጃው ሊቀር ይችላል።

ኮምፒውተር ስልክን የሚያውቅበት መንገድ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ እንደሚሆነው ነው። መጀመሪያ ያንኳኳል። ስልኩ በአንዱ የመረጃ ሽቦ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ከፍ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩም «አንድ ነገር መጥቷል» የሚለው በዚህ ምልክት እንጂ ቻርጅ በመጀመሩ አይደለም። ቀጥሎ «ማን ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ስልኩ የአምራቹንና የሞዴሉን መለያ ቁጥር ይመልሳል። በመጨረሻ እንዲገባ ይፈቀድለታል፤ ይህ ፈቃድ የሚሰጠው ከስልኩ ስክሪን ላይ ሲሆን፣ በኮምፒውተሩ በኩል ደግሞ ትክክለኛው ድራይቨር መኖር አለበት። «ኮምፒውተሩ አያየውም» የሚባለው ችግር ከሦስቱ በአንዱ ቦታ መቆም ነው። የቱ ጋ እንደቆመ ሳያውቁ መፍትሔ መሞከር ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን አደጋም አለው።

በቆላው ከተሞች፣ ከነጌሌ እስከ ያቤሎና ሞያሌ፣ አብዛኛው ችግር የሚቆመው ማንኳኳቱ ላይ ነው። ሁለት ምክንያቶች አሉት። አንደኛው ኬብሉ ራሱ ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልክ የሚሞላው በሶላር ነው፤ ከሶላር ፋኖስ ጋር የሚመጣው ባለ ብዙ አፍ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ኬብሎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ከሌላው ኬብል በምንም አይለዩም። ሁለተኛው ቀዩ አቧራችን ነው። ስልኩ በኪስ ወይም በወገብ ሽርጥ ውስጥ ሲውል አቧራውና የጨርቅ ብናኙ መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ጭቃ ይጠቀጠቃል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የኬብሉ ጫፍ እስከ ጥግ አይገባም፣ ስልኩን ስታዘነብሉት ይወልቃል፣ ወይም በአንድ በኩል ካልያዙት ቻርጅ አያደርግም።

አንድ መምህር ያመጡልኝን ስልክ ላንሳ፤ ሦስቱም ችግሮች አንድ ላይ የተገኙበት ስለሆነ ነው። ስልኩ አሮጌ አንድሮይድ ነው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፣ ንክኪው ግን ይሠራል። ውስጡ ያለው የአባታቸው ድምፅ ነበር። አዛውንቱ ከማረፋቸው በፊት ስለ ዱብሉቅ የቱላ ጉድጓድ፣ ስለ ኮንፊው ባለቤትና ከብት በየተራ ስለሚጠጣበት የሄሬጋ ሥርዓት ሲናገሩ ልጃቸው ቀድተዋቸዋል። ከፎቶውና ከቪዲዮው ጋር 3 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። በኢንተርኔት ለመላክ ሞክረው ኔትወርኩ እየተቋረጠ አልሆነላቸውም።

«ኦቦ፣ ይህ ስልክ ኮምፒውተር ላይ መጨረሻ የተሰካው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ኸረ ተሰክቶም አያውቅ! ሁልጊዜ በሶላር ነው የምሞላው።»

ይህ መልስ ግማሹን ሥራ ሠራልኝ። ይዘውት የመጡትን ኬብል ፋይል ሲያስተላልፍ በማውቀው ሌላ ስልክ ላይ ሰካሁት፤ ቻርጅ አደረገ፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም ድምፅ አላሰማም። ኬብሉ ባለ ሁለት ሽቦ ነበርና ወደ ጎን አደረግኩት። በሚሠራው ኬብል የእሳቸውን ስልክ ስሰካ አሁንም ዝም። ስልኩን አጠፋሁና ቀዳዳውን በባትሪ መብራት አየሁት፤ ጥጉ ላይ የተጠቀጠቀ ቀይ አቧራ ነበር። በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ቀጭን ጫፍ ከዳር ከዳር እያላላሁ አወጣሁት። መርፌ አይነካም፤ መሐል ላይ ያለችው ቀጭን ምላስ ላይ ያሉትን ብረቶች ካጣመመ ወይም ካገናኘ ስልኩ ቻርጅ ማድረጉንም ያቆማል። በአፍ መንፋትም አልወድም፣ እርጥበት ያስገባል።

እንደገና ስሰካው ኮምፒውተሩ ድምፅ አሰማ። ድምፁን ማዳመጥ ከሁሉ የሚበልጥ መመርመሪያ ነው፤ ከተሰማ ማንኳኳቱ ደርሷል ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሶፍትዌር ማሰብ ይቻላል። ግን የመጣው መልእክት «USB device not recognized» የሚል ሆነ። የዊንዶውስን ቁልፍ ከ R ጋር ተጭኜ `devmgmt.msc` ብዬ ስከፍት «Unknown USB Device (Device Descriptor Request Failed)» ይላል። ትርጉሙ «አንድ ነገር አንኳኳ፣ ስሙን ስጠይቀው ግን የሰማሁት መልስ አልተነበበም» ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ድራይቨር ፍለጋ ይሮጣል። ድራይቨር የሚመረጠው ግን ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ስም ሳይነበብ ድራይቨር መጫን ዋጋ የለውም። እዚህ ደረጃ ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ አሁንም የሽቦና የብረት ነው። ኬብሉን የሰካሁት በዴስክቶፑ ፊት ለፊት ባለው መሰኪያ ነበር፤ እሱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በሌላ ረጅም ገመድ ነው። ከኋላ በኩል፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ባለው መሰኪያ፣ ከአንድ ሜትር ባጠረ ኬብል ስሰካው የስልኩ ስም ወጣ።

ስሙ ወጣ፣ ስከፍተው ግን ባዶ ነው። መምህሩ ደነገጡ፤ የጠፋ መሰላቸው። ምንም አልጠፋም፤ የቀረው ፈቃዱ ብቻ ነበር። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ፣ ማለትም ከ2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የወጡ ስልኮች ሲሰኩ በራሳቸው የሚመርጡት ቻርጅ ማድረግን ብቻ ነው። ስክሪኑን ከፍቶ፣ ከላይ ወደ ታች ጎትቶ፣ የዩኤስቢውን ማሳወቂያ ነክቶ «File transfer» ወይም «MTP» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ስልኩ ተቆልፎ ከሆነ ኮምፒውተሩ ስሙን ቢያሳይም ውስጡን ባዶ አድርጎ ያሳየዋል። በጣም አሮጌዎቹ አንድሮይዶች ላይ ምርጫው «Turn on USB storage» ነው፤ ባለ ቁልፍ ስልኮች ላይ ደግሞ «Mass storage» ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሚሞሪ ካርድ ካልገባባቸው ለኮምፒውተሩ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም። ካርድ ያለው ስልክ ከሆነ ካርዱን አውጥቶ በካርድ ሪደር ማንበብ ከኬብል ይሻላል።

ከዚያ በኋላም ከአባታቸው ቅጂዎች የተወሰኑት አልታዩም ነበር፣ ስልኩ ላይ ግን ይሰማሉ። በዚህ መንገድ ሲገናኙ ኮምፒውተሩ የሚያየው ስልኩ ራሱ ያዘጋጀውን የፋይል ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ካልታደሰ ያለ ፋይል እንደሌለ ሆኖ ይታያል። ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ዝርዝሩን እንደገና እንዲሠራ ያደርገዋል። አብርተን ጥቂት ደቂቃ ከጠበቅን በኋላ ሁሉም ታዩ።

ሲቀዳ ሁልጊዜ ኮፒ ነው፣ ከት አይደለም። መብራት በመሐል ቢጠፋ ወይም ኬብሉ ቢነቃነቅ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀረው ግማሽ ፋይል ነው፤ ዋናው ግን ስልኩ ላይ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ካለ ከዴስክቶፕ እመርጣለሁ። አሮጌ ስልክ በሴኮንድ 5 ሜጋባይት ቢያስተላልፍ 3 ጊጋባይት 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመጎተት ግን ፎልደር በፎልደር መውሰድ ይሻላል፣ የቱ ጋ እንደተቋረጠ ይታወቃል። ሲያልቅ የፋይሉን ብዛትና መጠን ከስልኩ ጋር አስተያየሁ፣ የእያንዳንዱን ቅጂ የመጨረሻ ደቂቃም አዳመጥን። መምህሩ የአባታቸውን ድምፅ በኮምፒውተሩ ሲሰሙ ያየሁትን ፊታቸውን አልረሳም።

የቀረ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ቦታ የሚጫነው ዊንዶውስ እንዲቀል ተብሎ የሙዚቃና የቪዲዮ ክፍሎቹ የተቀነሱለት ነው። የስልክ ፋይል ማስተላለፊያው ከእነዚያ ክፍሎች ጋር ስለሚሄድ፣ እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ፍላሽና ማውስ በደንብ እያነበበ ስልክን ብቻ እምቢ ይላል። መለያው ያንኑ ስልክና ያንኑ ኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ነው። እዚያ ከሠራ ስልኩን አትንኩት፤ ችግሩ የኮምፒውተሩ ነው።

ይህ ሁሉ የማይረዳበት ጊዜም አለ። የመክፈቻ ቁጥሩ ከጠፋ ፈቃዱን የሚሰጥ የለም፤ ሪሴት ቁልፉን ያነሳል፣ ፋይሉን ግን ያጠፋል። ስክሪኑ እያሳየ ንክኪው ብቻ ከሞተና ስልኩ ኦቲጂ የሚቀበል ከሆነ፣ በኦቲጂ ማገናኛ ማውስ ሰክቶ ቁልፉን ከፍቶ ካርድ ባለው ስልክ ፋይሉን ወደ ካርዱ ማዛወር ይቻላል። ባትሪው ያበጠ ስልክ ግን ቻርጅ ላይ አይደረግም፤ መጀመሪያ ባትሪው ይቀየር።

በመሳቢያችሁ ውስጥ የወላጅ ድምፅ ያለበት አሮጌ ስልክ ያላችሁ ሰዎች፣ ባትሪው ሳያብጥና የመክፈቻ ቁጥሩ ሳይረሳ አሁኑኑ አውጡት። ወደ ጠጋኝ ስትሄዱም ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ፣ እና ኬብል ሳይቀየርና ቀዳዳው ሳይጸዳ ማንም ሪሴት እንዲያደርገው አትፍቀዱ።