ሺ ፈረሱላ

ቡታጅራ ላይ በርበሬ በጆንያ ከምሮ ዋጋ የሚጠብቅ ነጋዴ፣ ዋጋው ቢወርድበት የሚያካክስበት ሌላ ገበያ የለውም፤ የማረቆን በርበሬ ዋጋ የሚከተል የፊውቸርስ ውል የለምና። ቡና ላኪ ግን አለው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያገበያየው መጋዘን የገባ ምርት ስለሆነ፣ ላኪው የመጪዎቹን ወራት ዋጋ የሚያየው ኒውዮርክ ነው። እዚያ አንድ የአረቢካ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ በእኛ ስፍር ሺ ፈረሱላ ገደማ። የኢትዮጵያ ቡና ለዚህ ውል ማስረከቢያ ከተፈቀዱት ውስጥ የለም፤ ላኪውም ቡናውን እዚያ አያደርስም፣ የሸጠውን ውል መልሶ ገዝቶ ይወጣል።

ላኪው በታኅሣሥ ሺ ፈረሱላ ገዝቶ አስገባ እንበል። የሚጭነው በመጋቢት ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለውም የጭነቱን ሰሞን የኒውዮርክ ዋጋ ተከትሎ ነው። ዋጋው ዛሬ በፓውንድ 2 ዶላር ከሆነ አንድ የግንቦት ውል ይሸጣል። መጋቢት ላይ 1.70 ቢገባ ከቡናው 11,250 ዶላር ያጣል፤ በ2 ዶላር የሸጠውን ውል በ1.70 ሲገዛው ግን ያንኑ ያህል ያገኛል። ወደ 2.40 ቢወጣ ውሉ 15,000 ዶላር ያስከፍለዋል፣ ቡናው ይመልስለታል። «ባልሸጥ ኖሮ አተርፍ ነበር» የሚለው ቁጭት እዚህ ላይ ይመጣል። ቁጭቱ ውሉን ብቻውን አይቶ መጋዘኑን ይረሳል። ቁማር ነው ለሚሉም፣ ቁማር የሚሆነው ከመጋዘኑ በላይ ውል ሲሸጥ ነው፤ ሺ ፈረሱላ ይዞ አንድም ውል ሳይሸጥ የሚጠብቀውም ከቁማርተኛው እምብዛም አይለይም።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ውሉ በየቀኑ ይታሰባል፤ ዋጋው አንድ ሳንቲም ከፍ ባለ ቁጥር 375 ዶላር ከመያዣው ይቀነሳል፣ ሲጎድልም ወዲያው ሙላ ይባላል። የቡናው ትርፍ ግን ከጭነት በኋላ ነው የሚገባው። ዶላር ማውጣት ፈቃድ በሚጠይቅበት አገር፣ ትክክለኛ ውል የሸጠ ሰው በመሐል ገንዘብ አጥሮት ውሉ ሊዘጋበት ይችላል። ሌላው ችግር በኒውዮርክና በእኛ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ውሉ የሚከላከለው ኒውዮርክ ሲወርድ እንጂ ይህ ልዩነት ሲሰፋ አይደለም። ዶላር በጠፋባቸው ዓመታት አንዳንዱ ላኪ ቡናውን በኪሳራ ልኮ ኪሳራውን በሚያስገባው ዕቃ ያካክስ ነበርና፣ ያኔ የአገር ውስጡ ዋጋ ከኒውዮርክ በላይ ይወጣ ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ቡናውን ሳይገዛ ቀድሞ ለደንበኛ ዋጋ የቆረጠ ላኪ፣ የኒውዮርክ ውል ቢገዛም አያድነውም።

ጥቂት ፈረሱላ ለሚሸጥ ገበሬስ? እሸት ቡናውን ለቅሞ በዕለቱ ከሸጠ በኋላ ስጋቱ የገዢው ነው፤ የእሱ ስጋት ከመልቀሙ በፊት ባሉት ወራት ነው። ሺ ፈረሱላ የሚሰበስብ ዩኒየን ውሉን ሸጦ፣ ልዩነቱንና ወጪውን ቀንሶ የመነሻ ዋጋ ሊቆርጥለት ይችላል፤ ይህ የሚሠራው ግን ዋጋው ሲወጣ አባሉ ቡናውን ለሌላ ነጋዴ ካልሸጠው ነው። ከሸጠው ዩኒየኑ ቡና የሌለው ውል ይዞ ይቀራል።