የሚንቀሳቀሰው ጠርዝ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የካልኩለስ መሠረታዊ ቴዎረም ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የአሠራር ቅደም ተከተል ነው፦ አንቲዴሪቬቲቩን ፈልግ፣ የላይኛውን ቁጥር አስገባ፣ የታችኛውን አስገባ፣ ቀንስ። መልሱ ስህተት የለበትም፤ ፈተናም ያሳልፋል። ነገር ግን ስፋት ለመለካት ዴሪቬቲቭን ወደ ኋላ መመለስ ለምን እንዳስፈለገ አይነግረንም። ስፋት እዚያው ተቀምጦ የሚለካ ነገር ነው፤ ዴሪቬቲቭ ደግሞ የለውጥ ፍጥነት ነው። የማይነቃነቅ ነገር ከፍጥነት ጋር ምን አገናኘው? እኔ ሳስተምር ቀመሩን ለመጨረሻ አቆየውና ከዚህ ጥያቄ እነሳለሁ።

መጀመሪያ የምናደርገው ስፋቱን ማንቀሳቀስ ነው። ሰሌዳው ላይ የ f(t) = 2t ን ቀጥታ መስመር እሥላለሁ። በግራ በኩል 0 ላይ አንድ ቋሚ ግድግዳ አቆማለሁ፤ እሱ ከቦታው አይነሳም። በቀኝ በኩል ደግሞ x ላይ ሌላ ግድግዳ አቆማለሁ፤ ይህኛው ወደ ቀኝ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ስፋት A(x) እንበለው። ቅርጹ ትሪያንግል ስለሆነ ካልኩለስ አያስፈልገንም፦ መሠረቱ x፣ ቁመቱ 2x፣ ስፋቱ የሁለቱ ብዜት ግማሽ፣ ማለትም x² ነው። ጠርዙ 1 ላይ ሲደርስ ስፋቱ 1፣ 2 ላይ 4፣ 3 ላይ 9 ይሆናል። አሁን የዚህን ስፋት ዴሪቬቲቭ ውሰዱ፤ 2x ይመጣል። የተነሳንበት መስመር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «አጋጣሚ ቢሆንስ?» የሚል ተማሪ ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ጥርጣሬው ተገቢ ነውና። አንድ ትሪያንግል ምንም አያረጋግጥም።

ከመቀጠላችን በፊት አጻጻፉን እናጥራ። A(x) = ∫₀ˣ f(t) dt ስንል ውስጥ ያለው t እና ላይ የተቀመጠው x የተለያየ ሥራ አላቸው። x ጠርዙ የቆመበት ቦታ ነው። t ደግሞ ከ0 ተነስቶ እስከ ጠርዙ ድረስ እየተጓዘ ቁመቶቹን የሚሰበስበው ነው። t ጉዞውን ሲጨርስ x ካለበት አልተነቃነቀም። ሁለቱን በአንድ ፊደል የሚጽፍ ተማሪ ዴሪቬቲቭ የሚወሰደው በየትኛው እንደሆነ ወዲያው ይጠፋበታል። የሚወሰደው በጠርዙ ነው።

አሁን f(t) = t² ን እንውሰድ። ከርቭ ስለሆነ የትሪያንግል ቀመር አይሠራም፤ A(x) ስንት እንደሆነም ገና አናውቅም። ስለዚህ ጠቅላላውን ስፋት እንተወውና የሚጨመረውን ብቻ እንይ። ጠርዙ 3 ላይ ቆሟል፤ ወደ 3.1 ገፋ እናድርገው። አዲስ የተጨመረው ወርዱ 0.1 የሆነ ቀጭን ቁራጭ ነው። የቁራጩ ቁመት በግራ ጎኑ 9፣ በቀኝ ጎኑ 9.61 ነው። እንግዲህ ስፋቱ ከ 9 × 0.1 አያንስም፣ ከ 9.61 × 0.1 አይበልጥም፤ በ0.9 እና በ0.961 መካከል ነው። ጭማሪውን ለተገፋው ርቀት፣ ለ0.1፣ ስናካፍለው የእድገቱ ፍጥነት በ9 እና በ9.61 መካከል ይወድቃል። ጠርዙን በ0.01 ብቻ ብንገፋው በ9 እና በ9.0601 መካከል ይሆናል። በ0.001 ከሆነ በ9 እና በ9.006001 መካከል ነው። የላይኛው ቁጥር ወደ 9 እየወረደ ነው፤ የታችኛው ከ9 አልተነሳም። በመካከላቸው የታሰረው ከ9 በቀር መሄጃ የለውም።

9 ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ የከርቩ ቁመት ነው፣ f(3)። ቴዎረሙ ይኸው ነው፦ ስፋቱ የሚያድግበት ፍጥነት ጠርዙ በቆመበት ቦታ ካለው ቁመት ጋር እኩል ነው፤ A′(x) = f(x)። በ3 ቦታ ማንኛውንም x፣ በ t² ቦታ ማንኛውንም ኮንቲኒዩየስ ፈንክሽን ብታስገቡ ክርክሩ አይለወጥም። በቁራጩ ውስጥ ያለውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁመት ትይዛላችሁ፤ ቁራጩ ሲቀጥን ሁለቱ ይገናኛሉ።

ለሥዕል የማይመቸው ተማሪ በውሃ ያስበው። አግድሙ ደቂቃ፣ ቁመቱ ቧንቧው በደቂቃ የሚያወርደው ሊትር ቢሆን፣ ከከርቩ በታች ያለው ስፋት በርሜሉ ውስጥ የገባው ውሃ ነው፤ በደቂቃ የሚወርደው ሊትር በደቂቃዎቹ ብዛት ሲባዛ ሊትር ይሰጣልና። የበርሜሉ ውሃ በዚህች ቅጽበት የሚጨምረው ቧንቧው በዚህች ቅጽበት በሚያወርደው ልክ ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት ስንት ወርዶ እንደነበር እዚህ አይገባም።

አሁን ወደዚያ ቀመር እንመለስ። የ t² ስፋት ዴሪቬቲቩ x² መሆኑን አወቅን። ዴሪቬቲቩ x² የሆነ ሌላ ፈንክሽን ደግሞ እናውቃለን፦ x³/3። በአንድ ኢንተርቫል ላይ እኩል ዴሪቬቲቭ ያላቸው ሁለት ፈንክሽኖች የሚለያዩት በቋሚ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለዚህ A(x) = x³/3 + C። ብዙዎች በልማድ የሚጽፉት C እዚህ ትርጉም አለው፤ በርሜሉ ውስጥ ቀድሞ የነበረው ውሃ ነው። ጠርዙ 0 ላይ ሲቆም ስፋት የለም፣ A(0) = 0፤ እንግዲህ C ዜሮ ነው። A(3) = 27/3 = 9። የታችኛውን ቁጥር የምንቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከመነሻው በፊት የተጠራቀመው የእኛ ስላልሆነ። አርኪሜዲስ የፓራቦላን ስፋት ለዚያ ቅርጽ ብቻ በተበጀ ዘዴ ነበር ያገኘው። ይህ የስፋትና የዴሪቬቲቭ ዝምድና በጂኦሜትሪ መልኩ በአይዛክ ባሮው እ.ኤ.አ. በ1670 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ኒውተንና ላይብኒዝ ለሁሉም ዓይነት ከርቭ የሚያገለግል የስሌት መሣሪያ አደረጉት።

ኮንቲኒዩየስ የምትለዋ ቃል ግን ለጌጥ አልገባችም። ቧንቧው እስከ 2ኛው ደቂቃ በደቂቃ 3 ሊትር ሲያወርድ ቆይቶ ድንገት ወደ 5 ቢዘል፣ በ2ኛው ደቂቃ በርሜሉ ውስጥ 6 ሊትር አለ፤ ውሃው አልዘለለም። የእድገቱ ፍጥነት ግን ከግራ ሲታይ 3፣ ከቀኝ ሲታይ 5 ነው። የ A ግራፍ እዚያ ቦታ ይሰበራል፤ ዴሪቬቲቭም የለውም።

ከዚህ የከፋው የ 1/x² ጉዳይ ነው። ከ −1 እስከ 1 ኢንተግሬት አድርጉ ስል፣ አንቲዴሪቬቲቩ −1/x ነው ብሎ አስገብቶና ቀንሶ −2 የሚያመጣ ተማሪ አይጠፋም። ስሌቱ ላይ የቁጥር ግድፈት የለም። ግራፉን ለሚያይ ግን ከርቩ በሙሉ ከአግድሙ መስመር በላይ ነው፤ በየትኛውም ቦታ የሚቀነስ ነገር ሳይኖር ድምሩ እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል? 0 ላይ ፈንክሽኑ ወደ ላይ ያለ ወሰን ይነጉዳል፤ የሚንቀሳቀሰው ጠርዝ ያን ቦታ መሻገር አይችልም። ስለዚህ ምልክት ሳታዩ ቁጥር አትመኑ።

ትምህርቱ መግባቱን የማውቀው በአንዲት ጥያቄ ነው፤ እናንተም ደብተር ሳትገልጡ ሞክሯት። A(x) = ∫₁ˣ t² dt ቢሆን፣ A(1) ስንት ነው? A′(1)ስ? አንደኛው 0፣ ሁለተኛው 1 ነው ካላችሁ፣ A(0) ለምን ከዜሮ በታች እንደሚሆን በሥዕል አስረዱ።