የትኛው በርበሬ?

በርበሬ በረንዳ ላይ አንድ ሽያጭ ሁለት በርበሬ አለው፤ ነጋዴው ከጆንያ አፍ ዘግኖ የሚያሳየው እፍኝ ዛላና ተሰፍቶ መኪና ላይ የሚወጣው ጭነት። ይህን ልዩነት የመርካቶ ተሸካሚ ሁሉ ያውቀዋል። የሕግ ተማሪ ግን ፈተና ላይ ይስተዋል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀረበ እንበል። የደሴ ነጋዴ ሰኞ በረንዳው መጥቶ ናሙናውን አሸተተ፣ ዛላውን ሰብሮ አየ፣ 40 ጆንያ ገዛ። ጭነቱ ዓርብ ደሴ ደረሰ። ገዢው ሁለት ጆንያ ፈትቶ ከላይ ሲያየው ደህና ነው፤ መጋዘን አስገባው። ከ12 ቀን በኋላ ለወፍጮ ሲፈታ የ15ቱ ጆንያ መሐል ሻግቷል። ያኔውኑ ደወለ። ሻጩም «አይተህ ነው የገዛኸው» አለው።

ተማሪው ሕጉን አልሳተም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2291 እና 2292 ገዢው ዕቃውን አጋጣሚ እንዳገኘ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ይህን በትክክል ጽፎ ይቀጥላል፤ «ገዢው ሰኞ መርምሯል፤ ያስታወቀው ከ16 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ መብቱን አጥቷል።»

ስህተቱ «መርምሯል» የሚለው ላይ ነው። ሕጉ መርምር የሚለው የተረከበውን ዕቃ ነው፤ ሰኞ የታየው ግን ናሙና ነበር። ቆጠራው ዓርብ፣ ጆንያዎቹ እጁ ሲገቡ፣ መጀመር ነበረበት። ደንቡ ትክክል ሆኖ ያረፈው ሌላ በርበሬ ላይ ነው።

ጥያቄው ዓርብ ላይ ሲቆም ይከብዳል፣ ይጥማልም። ከ40 ሁለቱን፣ ያውም ከላይ ብቻ ማየት በቂ ምርመራ ነው? ሻጋታው ከመሐል ስለሆነ በተለመደው ምርመራ አይታይም ይላል ገዢው። እጅህን ጠልቀህ ብታስገባ እርጥበቱን ባገኘኸው ነበር ይላል ሻጩ። ሁለቱም የሚያስኬድ ክርክር አላቸው።

ተማሪው ያለፈው ሌላም ፍሬ ነገር አለ፤ ሻጋታው ከጆንያው መሐል መሆኑ። መንገድ ላይ ዝናብ የመታው ጆንያ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ነው የሚበላሸው፤ ሳይደርቅ የታሸገ በርበሬ ግን ከውስጥ ይሻግታል። ይህ ጉድለቱ ከርክክቡ በፊት እንደነበር ይጠቁማል። ሻጩ እርጥበቱን እያወቀ አሽጎት ከሆነ ደግሞ የገዢውን በማስታወቅ መዘግየት መከላከያ ማድረግ አይችልም።

እንዲህ ያለው መልስ በአራሚ ዓይን ሾልኮ የሚያልፈው አንቀጾቹ በቦታቸው ስለሆኑ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከመልሱ ላይ የአንቀጽ ቁጥሮቹን ሸፍኖ፣ «ዕቃው»፣ «ምርመራው» እና «ቀኑ» በሚሉት ቃላት ምትክ ከጥያቄው የተወሰደውን ፍሬ ነገር ማስገባት። እዚህ «ምርመራው» ሰኞ ይወድቃል፣ «ዕቃው» ዓርብ።

ደንቡን ለመግለጽ የተያዘው ነጥብ ሙሉ ይሰጠው። ለአተገባበሩ የተያዘው ግን አይገባውም፤ ፍርድ ቤት በሌላ ምክንያት በገዢው ላይ ቢፈርድበት እንኳ።