«ታደሰ» ወይስ «ታደለ»? በጨለማ ስለ ተነሣ አንድ የፒያሳ ቪዲዮ

በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ ይልቁንም ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር፣ አሮጌዎቹ ቤቶች ለኮሪደር ልማት በፈረሱ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚያውቁትን ደጃፍ በስልካቸው አንሥተው አስቀርተዋል። ከእነዚህ ቪዲዮዎች አብዛኛዎቹ በምሽት፣ በችኰላና በሚንቀጠቀጥ እጅ የተነሡ ናቸው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የተማሪዎች ትርኢት ላይ ከእንዲህ ያለው ቪዲዮ የወጣ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ አየን። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ በአንድ ቤት በር ላይ ያለው ሰሌዳም «ታደሰ ልብስ ስፌት» ይላል። አንድ ወጣት ከፊቱ ቆሞ «ቤቱ የእኛ ነበር፤ አባቴ ግን ታደለ ይባላል» አለን። ሥዕሉን ከማመልከቻው ጋር ሊያያይዘው አስቦ ነበር። እንዲህ ያለው ማስረጃ ከሚረዳው ይልቅ እንደሚጐዳው ግልጽ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሥዕሉ ያማረ መሆኑን ሳይሆን፣ ፊደሉ በእውነት በቪዲዮው ውስጥ የነበረ መሆኑን ነው። አዘጋጆቹ እንደ ገለጹልን፣ ቪዲዮውን በቴሌግራም ከተቀባበሉት ሰዎች ወስደው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚያጠራ ሶፍትዌር ሰጡት፤ የወጣውንም አተሙ። በእኛ አስተያየት ስሕተቱ የተፈጸመው ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። ይኸውም መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ሁሉ ስለ ቀረ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ የቅጂው ነገር ነው። ትርኢቱ የተጠቀመበት ቅጂ 848 በ480 ፒክስል ነበር። ከፍ ብሎ የተነሣ ቪዲዮ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይታመቃል፤ ሲታመቅም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣለው በጨለማው ክፍል ያለው ጥቃቅን ልዩነት ነው። እኛ ያነሣውን ሰው ፈልገን ቪዲዮውን እንደ ፋይል እንዲልክልን ለመንነው፤ 1920 በ1080 ፒክስል ሆኖ መጣ። በፊተኛው ቅጂ 7 ፒክስል ቁመት የነበረው ፊደል በዋናው 16 ፒክስል ሆነ። ይህን ያህል ጥቅም ከማናቸውም ማጥሪያ አይገኝም፤ ዋጋውም አንድ ስልክ መደወል ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናውን ፋይል ሳንነካ አስቀምጠን፣ በቅጂው ላይ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ አወጣን። የስልክ ቪዲዮ ፍሬሞች በእኩል ጊዜ ልዩነት ስለማይከተሉ፣ ፕሮግራሙ ከራሱ እንዳይደግም ወይም እንዳይጥል እንዲህ ማዘዝ ያስፈልጋል፦

```
ffmpeg -i asl.mp4 -fps_mode passthrough f%04d.png
```

ሁለተኛው ጉዳይ የመንቀጥቀጡ ነው። ብዙ ሰዎች ቪዲዮውን የሚያረጋ ፕሮግራም ብዥታውንም የሚያነሣ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥዕሉ ከፍሬም ወደ ፍሬም ቢዘል ሊመለስ ይችላል፤ አንዱ ፍሬም ራሱ ብርሃን በሚቀበልበት ጊዜ እጅ ከተንቀጠቀጠ ግን ፊደሉ እዚያው ተዘርግቶ ይቀራል። በጨለማ ጊዜ ስልኩ ለእያንዳንዱ ፍሬም ረዘም ያለ ጊዜ ብርሃን ስለሚሰበስብ ይህ እየደጋገመ ይደርሳል። ለመለየት የመንገድ መብራቶችን መመልከት ይበቃል፦ ነጥብ መሆን የሚገባው መብራት ጭረት ከሆነ ፍሬሙ ተበላሽቷል። ሁሉም መብራቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጫሩ የተንቀሳቀሰው እጅ ነው፤ አንዱ ብቻ ከተጫረ የተንቀሳቀሰው ዕቃው ነው። በእኛ ቪዲዮ ሰሌዳው በ96 ፍሬሞች ላይ ይታያል። ጭረታቸው ከ3 ፒክስል የሚበልጠውን ስንጥል 25 ቀሩ።

ሦስተኛው ጨለማው ነው። ልማዱ ወዲያው ማብራት ነው፤ ነገር ግን አንዱን ፍሬም ብናበራ ከፊደሉ ጋር ነጠብጣቡም አብሮ ይበራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል 25ቱን ፍሬሞች በሰሌዳው አራት ማዕዘኖች እያስተካከሉ አንዱን በሌላው ላይ ማነባበርና አማካያቸውን መውሰድ ነው። ፊደሉ በሁሉም ፍሬም በአንድ ቦታ ስለሚቆም ይጸናል፤ ነጠብጣቡ ግን ቦታ እየለወጠ ስለሚመጣ እርስ በርሱ ይጣፋል። የነጠብጣቡ መጠን በፍሬሞቹ ቁጥር ካሬ ሥር ልክ ስለሚቀንስ ከ25 ፍሬም አንድ አምስተኛ ይቀራል ብለን ጠብቀን ነበር። በባዶው ግድግዳ ላይ ስንለካው ግን ከ12 ወደ 4 ብቻ ወረደ፤ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ምክንያቱም የታመቀ ቪዲዮ አንዱን ፍሬም በከፊል ከጎረቤቱ ስለሚቀዳው ነጠብጣቡም አብሮ ይቀዳል። እንግዲህ የፍሬም ብዛት ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ማብራት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ማጉላትም የመጨረሻው ሆነ።

የወጣው ፊደል እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ፍሬሞቹን ለሁለት ከፈልናቸው፦ 12ቱን ከቪዲዮው መጀመሪያ፣ 13ቱን ከመጨረሻው ወስደን ለየብቻ አነባበርናቸው። በሁለቱም የማይታይ ቅርጽ መነበብ የለበትም። «ልብስ ስፌት» የሚለው በሁለቱም ታየ፤ «ታደ» የሚሉትም ሁለት ፊደላት እንዲሁ። ሦስተኛው ፊደል ግን በአንደኛው ክፍል «ሰ» ሲመስል በሁለተኛው ምንም አልለይ አለ። «ሰ» እና «ለ» ከታች ሁለት ሁለት እግር አላቸው፤ የሚለያዩት በራስጌያቸው ነው። በእኛ ቪዲዮ ያ ራስጌ ከአራት ወይም ከአምስት ፒክስል አይበልጥም፤ በትርኢቱ ቅጂ ደግሞ ሁለት ያህል ነው። ከሁለት ፒክስል «ሰ»ን ያወጣ ሶፍትዌር አነበበ አይባልም፤ ገመተ እንጂ።

በዚያው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ያለው የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የጠራ የስልክ ቪዲዮ በማስረጃነት እንዲቀርብ ሳይፈቅድ ቀረ። የጠራው ቪዲዮ በዋናው ውስጥ ያልተቀረጹ ብዙ ፒክስሎች ነበሩበት፤ ዘዴውም በሙያው ሰዎች ዘንድ ተቀባይነት እንዳላገኘ ዳኛው ገለጹ። የአዲስ አበባ ትርኢት ፍርድ ቤት አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ቤቱ ፈርሷል፤ ሄዶ ሰሌዳውን የሚያይ የለም። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያርመው ነገር አልቀረም።

አዘጋጆቹ በቅን ልቡና እንደ ሠሩ አንጠራጠርም። የምንጠይቃቸው ጥቂት ነው፦ የታተመውን ሥዕል አውርደው በምትኩ ያልተነካውን ፍሬምና የተነባበረውን ጎን ለጎን ይስቀሉ፤ ከሥሩም «ታደ[?] ልብስ ስፌት» ብለው ይጻፉ። ለወጣቱ የተነባበረውን ሥዕል ሰጥተነዋል። ሥዕሉ የአባቱን ስም አይመሰክርለትም፤ አይቃወመውምም። በር ላይ «ታደ» ብሎ የሚጀምር የልብስ ሰፊ ሰሌዳ እንደ ነበረ ግን ያሳያል። የቀረውን አንድ ፊደል ከጎረቤቶቹ ምስክርነት መፈለግ ይኖርበታል።