ሰው የሚያውቅ ሰው ድለላ ሲገባ

«ሙያ የለኝም፣ ሰው ግን አውቃለሁ» እያሉ የሚያማክሩኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንዱ የእድር ጸሐፊ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ፣ አንዷ ከገንዘብ ያዥነት ጡረታ የወጣች፣ ሌላው ከሠርግም ከለቅሶም የማይቀር። ምን ሠርቼ ልብላ ሲሉኝ የምመልስላቸው የራሴን ሥራ ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ማሻሻጥ። መኪናም አለ፣ መጋዘንም አለ፣ ሠራተኛና አሠሪ ማገናኘትም አለ፤ እነሱን የሚያውቃቸው ይጻፍባቸው። ቤትን የምመርጠው ለሽያጭ መውጣቱ ከማስታወቂያ በፊት በሰው አፍ ስለሚሰማ ነው። ሰው የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያለው ሀብት ይኸው ነው።

ጀማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት ይህን ሀብት የሚያውሉበትን ቦታ ነው። የሚያውቋቸውን ሰዎች ደንበኛ ለማድረግ ይነሳሉ። አብሮ አደግና የአክስት ልጅ ግን ኮሚሽን አይከፍልም። «ለአንተማ ምን ችግር አለው፣ ቤቱ ይሸጥ እንጂ» ይላል፤ ቤቱ ሲሸጥ ምሳ ይጋብዛል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዘመድ ለዘመድ ውለታ ይውላል እንጂ ሒሳብ አይተሳሰብም ብሎ ነው ያደገው። ስለዚህ የማውቃቸውን ሰዎች ለወሬ እፈልጋቸዋለሁ፤ ገንዘቡን የምጠብቀው ከማላውቀው ሰው ነው።

ወሬ ስል የትኛውንም ወሬ አይደለም። ቤት ለሽያጭ የሚወጣባቸው ምክንያቶች ብዙ አይደሉም፦ ባለቤቱ አርፎ ወራሾች ሊካፈሉ ሲሉ፣ ቤተሰብ ጠቅልሎ ውጭ ሲሄድ፣ ትዳር ሲፈርስ፣ የባንክ ብድር ሲያስጨንቅ። እነዚህን ቀድሞ የሚሰማው የተከበረው ወዳጃችሁ ሳይሆን የሰፈሩ ባለሱቅ፣ የግቢው ዘበኛ፣ የእድሩ ገንዘብ ሰብሳቢ ነው። እኔ ለጠቆመኝ ሰው ካገኘሁት ኮሚሽን አንድ አሥረኛውን እሰጣለሁ፤ ይህንንም ገና ሲነግረኝ አሳውቀዋለሁ። ካለቀ በኋላ እንደ ጉርሻ የሚሰጥ ገንዘብ ያስደስተው ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ጥቆማ የሚያስደውለው ግን ቀድሞ የታወቀው ነው።

አንድ ቀን ገርጂ አካባቢ ያለ ባለሱቅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የቀይ በሩ ቤት ሰዎች ፍሪጁንና ሶፋውን እየሸጡ ነው» አለኝ። አባትየው ካረፉ ቆይተዋል፤ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች እዚህ፣ እኅታቸው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሄጄ ታላቅየውን አነጋገርኩት። በ12 ሚሊዮን ብር ሊሸጡ ተስማምተዋል፤ ገዢ ግን ገና አልፈለጉም።

እዚህ ላይ አዲስ ደላላ ወዲያው ስልኩን አንስቶ ገዢ መጥራት ይጀምራል። እኔ ከገዢ በፊት ወረቀት እጠይቃለሁ። ዋናውን ካርታ አየሁ፤ አሁንም በሟች አባት ስም ነው። የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አውጥተዋል፤ ስሙን ወደ ራሳቸው ለማዛወር ግን አልጀመሩም። ቀጥዬ የእኅትየውን ውክልና ጠየቅኩ። «አለን» ብሎ አመጣልኝ። ሲነበብ ወንድምየው ቤቱን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ግብር እንዲከፍል ይላል። «እንዲሸጥ» የሚል ቃል ግን የለበትም።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ሽያጩ ሰነዶች ማረጋገጫ ደርሶ ይመለሳል። እኅትየው ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዳ አዲስ ውክልና ሰጠች፤ ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ገባ። በዚያው መሐል የስም ማዛወሩ ጉዳይ ክፍለ ከተማ ሲመላለስ ሳምንታት አለፉ።

ታላቅየው ቸኩሎ ነበር። አንድ የሚያውቀው ሰው 500,000 ብር ቀብድ ሊሰጠው ፈለገ፤ ሊቀበልም እጁን ዘርግቷል። አስቀረሁት። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ውሉን ከተወ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የተቀበለውን አጥፎ መመለስ አለበት፤ ይህም ሕግ ነው። ውክልናው ሳይደርስ ቀርቶ ሽያጩ ቢፈርስ አንድ ሚሊዮን ብር ይመልስ ነበር። ቀብድ ደላላ እጅ ላይም መቀመጥ የለበትም፤ ሁለቱ ወገኖች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚያዘው ገንዘቡን የያዘው ሰው ነው።

ወረቀት ማየትን እንደ ቢሮክራሲ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ሥራው ራሱ እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ገዢና ሻጭ ማገናኘትማ ስልክ ያለው ሁሉ ያገናኛል። ማየት ያለባችሁ ብዙ ነገር አይደለም። በካርታው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ ይመሳሰላሉ ወይ? ሻጩ ያገባ ከሆነ ባለቤቱ ትስማማለች ወይ? በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ብቻውን እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ስለዚህ ሚስት ሳሎን ውስጥ ፊቷን አጥቁራ ስትቀመጥ ያየሁበት ቤት ለእኔ ገና አልተሸጠም። አላገባሁም የሚል ሻጭ ደግሞ ያላገባ ማስረጃውን ያምጣ። ቤቱ ላይ እዳና እገዳ እንደሌለ ከመሬት ይዞታ ቢሮ መጣራት አለበት፤ ይህን ባለቤቱ ራሱ ጠይቆ ያመጣል። የሚያንገራግር ሻጭ ሲገጥመኝ ጉዳዩን እዚያው እተወዋለሁ። ውክልና ከሆነ ደግሞ ወካዩ በሕይወት መኖሩን በቪዲዮ ስልክ አይቼ አነጋግረዋለሁ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናው አብሮት ያበቃልና።

ኮንዶሚኒየም የራሱ ጣጣ አለው። በዕጣ የተገኘ ቤት ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ታግዷል። ሰዉ ግን በውስጥ ውልና በውክልና ይሻሻጣል። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ በሌላ ሰው ስም ባለ ቤት ይኖራል፤ ሻጩ ቢሞት ወይም ውክልናውን ቢሽር ደግሞ መያዣ የለውም። እንዲህ ያለውን ሽያጭ የሚያሻሽጡ ደላሎች አሉ፤ ኮሚሽኑም ቶሎ ይገኝበታል። እኔ አልገባበትም። ሰው በማወቅ የሚኖር ሰው አንድ ኮሚሽን ከማጣት ይልቅ የሚያሳዝነው ገርጂ ላይ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው ልምጣ። በአዲስ አበባ ልማድ የሽያጭ ኮሚሽን ከሻጭ 2 በመቶ፣ ከገዢም 2 በመቶ ነው። በቀይ በሩ ቤት ገዢውን ያመጣው ሌላ ደላላ ስለነበር እሱ ከገዢ ወሰደ፣ እኔ ከሻጭ፤ የኔ ድርሻ 240,000 ብር ነው። ይህን ገንዘብ የሚያሳጣው ግን አንድ ነገር ነው፦ ገዢና ሻጭ ተገናኝተው ስልክ ከተቀያየሩ በኋላ ደላላው ትርፍ ሰው ይመስላቸዋል። «ምን ሠራ?» ይባላል። ወረቀት ያስተካከለው፣ እኅትየውን ሌሊት ሌሊት በስልክ ያስረዳው ማን እንደነበር ይረሳል።

ስለዚህ ገዢ ወስጄ ቤቱን ከማሳየቴ በፊት ሻጩን አስፈርማለሁ። ረጅም ወረቀት አይደለም፤ የቤቱ አድራሻ፣ የሻጩ ስም፣ የኮሚሽኑ መቶኛ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ እኔ ያመጣሁት ገዢ በሌላ መንገድ ቢገዛም ኮሚሽኑ የኔ መሆኑ። ዋናው የሚከፈልበት ቀን ነው፤ «ሽያጩ ሲያልቅ» የሚል ቃል ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል። የኔ ውል «ሰነዶች ማረጋገጫ ውሉ በተፈረመበት ዕለት» ይላል፤ ሻጩ ሲፒኦውን የሚቀበልበት ቀን እሱ ነውና።

የቀይ በሩም ታላቅ ወንድም የሽያጭ ውሉን በፈረመ ዕለት «አንተ ወንድማችን አይደለህም እንዴ? 150,000 እንስጥህ» አለኝ። ወረቀቱን አወጣሁለት። ታናሽየው አንብቦ «ፈርመሃል እኮ» አለው፤ ሁለቱ ትንሽ ተንሾካሹከው ሙሉውን አስተላለፉልኝ። ለባለሱቁ 24,000ውን በዚያው ቀን ላክሁለት።

ሌላም የኮሚሽን መንገድ አለ፤ ሻጭ 11 ሚሊዮን ሲል ለገዢ 12 ብሎ መሐሉን መውሰድ። ደላላ ስሙ የጠፋው በዚህ ነው። የሚገርመኝ ከሥነ ምግባሩ ይልቅ ሒሳቡ የማያዋጣ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ሰነዶች ማረጋገጫ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዋጋው ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ የሚጠቁማችሁ ባለሱቅም ስሙን ከእናንተ ጋር ማስጠራት ይፈራል።

ሽያጭ በየወሩ አይገኝም፤ ለቤት ኪራይ፣ ለትራንስፖርት የሚሆነውን ቤት ማከራየት ያመጣል። ክፍያው እንደ ስምምነቱ ነው፣ ብዙ ጊዜ የአንድ ወር ኪራይ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ግን መታወቅ አለበት፤ ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ስድስት ወር ቅድሚያ የለመደ አከራይ ይነጫነጫል፤ ተከራዩን በድብቅ ለማስከፈል ሲሞክር መሐል ሆኖ የሚጠየቀው ደላላው ነው። ድርጅት ተከራይ ከሆነ ደግሞ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር የሌለው ደላላ እዚያ በር ላይ ይቆማል። እኔ ፈቃድ አውጡ የምለው ለዚህ ነው፤ ደህና የሚከፍሉት ተከራዮች ድርጅቶቹ ናቸው።

ለቅርብ ዘመድ ሲሸጥ ምን ትላለህ ይሉኛል። እኔ ለአክስቴ ልጅ አልደልልም፤ ለሌላ ደላላ አስረክባለሁ፤ እሱም ከሚያገኘው ለኔ የጠቋሚ ድርሻዬን ይሰጠኛል። የአክስቴ ልጅ ለእሱ 2 በመቶ ሲከፍል አያጉረመርምም፤ እኔ ብጠይቀው ኖሮ ግን እስከ ፋሲካ አያናግረኝም ነበር።