ብርሃንን ማረም፣ ቆዳን መጠበቅ፦ በቡድን ፎቶ የቀለም እርማት ላይ ሂሳዊ ዳሰሳ

በቡድን ፎቶ ላይ የቆዳ ቀለምን ማስማማት ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይደባለቃሉ። አንዱ ብርሃኑ በየሰዉ ላይ የጣለውን ቀለም ማንሳት ነው፤ ሌላው ሰዎቹን እርስ በርስ ማመሳሰል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም የመጀመሪያው ብቻ ተገቢ ነው የሚል ነው።

ሳሎን ውስጥ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ እንውሰድ። እናት ነጠላ ለብሰው መስኮት አጠገብ ቆመዋል፤ አባት ጋቢ ደርበው ከቢጫ አምፖል ሥር ናቸው። የቀን ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን፣ የባለክር አምፖል ብርሃን ደግሞ ወደ 2800 ኬልቪን ነው። ካሜራው ለመላው ፎቶ የሚይዘው ዋይት ባላንስ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ለመስኮቱ ሲስተካከል አባት ብርቱካናማ፣ ለአምፖሉ ሲስተካከል እናት ሰማያዊ ይሆናሉ።

እርማቱ ከፊት ሳይሆን ከልብስ ቢጀምር ይሻላል። በራው ፋይሉ ላይ ለእናትም ለአባትም የየራሳቸው ማስክ ይሠራል፤ ከዚያ የነጠላውና የጋቢው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቁጥሮች እስኪቀራረቡ ድረስ የየማስኩ የቀለም ሙቀት ይስተካከላል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ትንሽ ወደ ክሬም ስለሚያደላ፣ የሰማያዊው ቁጥር በጥቂቱ ዝቅ ቢል ስህተት አይደለም። የፋብሪካ ነጭ ሸሚዝ ግን ማንጫ ኬሚካሉ በመስኮት ብርሃን ሰማያዊ ስለሚያንጸባርቅ መለኪያ አይሆንም።

ልብሱ ሲስተካከል ፊቶቹም በአብዛኛው አብረው ይስተካከላሉ። የሰው ቆዳ መልኩን የሚያገኘው በዋናነት ከሜላኒንና ከደም ስለሆነ፣ የጠይምም የቀይም ሰው ቆዳ በቀለም ዓይነት ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በድምቀት ነው። ጉንጭ ላይ ሲለካ አንዱ ፊት ከሌሎቹ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ካፈነገጠ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጋረጃ ወይም ከልብስ የተንጸባረቀ ቀለም ነው።

ድምቀትን ማመሳሰል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንድን ቆዳ ለሁሉም መለኪያ ማድረግ ይሆናል። የኮዳክ ‹ሸርሊ ካርድ› ለአሥርተ ዓመታት የነጭ ሴቶችን ቆዳ የፎቶ ማተሚያ መለኪያ አድርጎ ነበር። ሎርና ሮት በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ይህ መለኪያ የጥቁሮችን ገጽታ በሚገባ አላገለገለም። ዛሬም ካፕቸር ዋን ላይ Uniformity በሚለው ክፍል ያለው የ Lightness ማንሸራተቻ ያለ ጥንቃቄ ከተገፋ፣ ጠይሟን አያትና ቀዩን የልጅ ልጅ ወደ አንድ መልክ ይስባቸዋል። የ Hue ማንሸራተቻ በመጠኑ ሊረዳ ይችላል፤ የ Lightness ግን ዜሮ ላይ መቆየት አለበት።

እርማቱ ገደብም አለው። ግማሽ ፊቱን መስኮት፣ ግማሹን አምፖል የመታውን ሰው አንድ ማስክ አያድነውም። ግንባሩ ላይ ቀዩ ቁጥር 255 ደርሶ የቆዳው ልስላሴና ሽብሽብ ከራው ፋይሉም ላይ ከጠፋ ደግሞ የሚመለስ መረጃ የለም። ስለዚህ ከማንሳት በፊት አምፖሉን አጥፍቶ፣ በመስኮቱ ትይዩ ነጭ አንጸባራቂ ማቆም ከማናቸውም እርማት ይበልጣል፤ ሁሉም በአንድ ብርሃን ሲነሱ በፎቶው ላይ የሚቀረው ልዩነት የሰዎቹ የራሳቸው ነው።