መጽሐፍን ከጀርባው መክፈት

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተጻፉት መጻሕፍት አንድ ሰፊ መደርደሪያ ይሞላሉ። የሹማምንት ትዝታ አለ፣ የምሁራን ጥናት አለ፣ የጋዜጠኞች ዘገባ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ያሳተሙትም አለ። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ላንብብ ያለ ሰው ዓመታት ይፈጁበታል። ሽፋንና የጀርባ አስተያየት አይቶ የመረጠ ደግሞ ብዙ ጊዜ መቶኛው ገጽ ላይ ደርሶ ይሰለቻል፤ ወይም ከዚያ የከፋው ይደርስበታል፤ ያልተረጋገጠውን ወሬ እንደ ታሪክ ይዞ ይቀራል። ልማድ ያለው አንባቢ ግማሽ ሰዓት ወስዶ መጽሐፉን ይፈትሻል። ይህ የችኮላ ንባብ አይደለም። የሚከፈቱት ገጾች ጥቂት ናቸው፤ የተከፈቱት ግን በጥንቃቄ ይነበባሉ።

አሜሪካዊው ሞርቲመር አድለር በ1940 እ.ኤ.አ. ስለ መጽሐፍ አነባበብ ባሳተመው፣ በ1972 ደግሞ ከቻርልስ ቫን ዶረን ጋር አሻሽሎ ባወጣው ሥራ ለዚህ ፍተሻ ቅደም ተከተል አበጅቶለታል። በመጀመሪያ ርእሱና መቅድሙ፣ ቀጥሎ ማውጫው፣ ከዚያ በመጽሐፉ ጀርባ ስሞችና ጉዳዮች በፊደል ተራ የሚደረደሩበት መጠቁም፣ ከዚያ የሽፋኑ ጽሑፍ ይታያል፤ በመጨረሻ ቁልፍ የሚመስሉ ምዕራፎች ይገለጡና የመጽሐፉ የመጨረሻ ሁለት ሦስት ገጾች ይነበባሉ። ቅደም ተከተሉ ጠቃሚ ነው፤ ለታሪክና ለፖለቲካ መጻሕፍት ግን አንድ ነገር ሊጨመርበት ይገባል። አንባቢው አስቀድሞ መልሱን የሚያውቀውን አንድ ጥያቄ ይዞ መግባት አለበት።

ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ በአንድ እውነተኛ መጽሐፍ ላይ ማየት ይሻላል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውድቀት የጻፈውና በእንግሊዝኛ «ዘ ኢምፐረር» ተብሎ የተተረጎመው ሥራ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው የኢትዮጵያን ቤተ መንግሥት ያወቀበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ለፍተሻ የሚመች ብቻ ሳይሆን ፍተሻ የሚገባውም መጽሐፍ ነው።

መጀመሪያ የሚከፈተው የኅትመት መረጃ የሰፈረበት ገጽ ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን ደራሲው ምን ሊያውቅ ይችል እንደነበረ የሚናገረው ያ ገጽ ነው። ክሪስቶፈር ክላፋም ስለ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የጻፈው ጥናት በ1969 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ነበሩና ስለ አወዳደቃቸው ከእርሱ መጠበቅ አይቻልም። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ በ1991 ሲወጣ በ1974 ያቆማል፤ ሁለተኛው እትም ግን በ2001 ሲታተም እስከ 1991 ይዘልቃል። ደርግን ፈልጎ የመጀመሪያውን እትም የገዛ ሰው የተሳሳተው እዚህች ገጽ ላይ ነው። የካፑሽቺንስኪ መጽሐፍ በፖላንድኛ የወጣው በ1978፣ በእንግሊዝኛ በ1983 ነው። በ1978 ቀይ ሽብር አዲስ አበባን ገና እያስለቀሰ ነበር። የንጉሡ አሽከሮችና ሹማምንት በዚያ ዘመን በስማቸው ሊናገሩ እንደማይችሉ ከዓመቱ ብቻ ይገመታል። ይህ ግምት በኋላ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ማውጫው ነው። የካፑሽቺንስኪ መጽሐፍ ሦስት ክፍል ብቻ አለው፦ ዙፋኑ፣ «እየመጣ ነው፣ እየመጣ ነው» እና ውድቀቱ። ዓመተ ምሕረት የለም፣ የመሥሪያ ቤት ስም የለም፣ የሰው ስም የለም። ክላፋም ግን መጽሐፉን ያዋቀረው ሥልጣን በሚያልፍባቸው ተቋማት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱን፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤቱን፣ ፓርላማውን በየተራ ይመረምራል። በሁለቱ ማውጫዎች መካከል ያለው ልዩነት የጥሩና የመጥፎ አይደለም። አንዱ አሠራርን ሊያስረዳ ተነሥቷል፣ ሌላው የአንድን አገዛዝ ስሜት ሊያሳይ። ስሜቱን ፈልጎ የመጣ ካፑሽቺንስኪን ይያዝ፤ አንድ ሹመት በማን እጅ አልፎ እንዴት ይጸድቅ እንደነበር ማወቅ የፈለገ ግን ከማውጫው ብቻ የትኛውን መክፈት እንዳለበት ያውቃል።

ሦስተኛው የፍተሻው እምብርት ነው። ከመጠቁሙ ወደ ገጹ፣ ከገጹ ወደ ማስታወሻው፣ ከማስታወሻው ወደ ምንጩ የሚሄድ መንገድ መኖር አለበት። መጠቁም ብዙ ይናገራል። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ዘመን የሚናገር መጽሐፍ ከ1961 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን አክሊሉ ሀብተ ወልድን አንድ ወይም ሁለት ገጽ ላይ ብቻ ካነሣ፣ ርእሱ ምንም ቢል ስለ መንግሥት አመራር አይደለም። አንባቢው ከዚያ የሚያውቀውን ጉዳይ ይመርጣል፤ ለምሳሌ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረውን የመንግሥቱ ንዋይን መፈንቅለ መንግሥት። ገጹን ይከፍታል፤ ደራሲው ጉዳዩን ከማን ሰማ? ከችሎት መዝገብ፣ ከዓይን ምስክር፣ ከጋዜጣ፣ ወይስ ከቀደመ መጽሐፍ ቀድቶ? ሁለት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከተፈተሹ የመጽሐፉ ጠባይ ይታወቃል።

በ«ዘ ኢምፐረር» ላይ ይህ መንገድ ገና ሲጀመር ይቋረጣል። መጠቁም የለም፣ የምንጭ ማስታወሻ የለም፣ ዋቢ መጻሕፍት የሉም። ታሪኩን የሚነግሩት የቤተ መንግሥት ሰዎች በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ይጠራሉ። ስለዚህ ፈታሹ ገጾቹን እየገለጠ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ይፈልጋል። «ሊረጋገጥ የሚችል» የሚለው እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። የንጉሡ ትንሽ ውሻ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ሽንቷን ትሸና እንደነበርና ያንን የሚጠርግ አሽከር እንደነበር የሚናገረው ታዋቂ ክፍል ለፈተና አይሆንም፤ ቢሆንም ባይሆንም ዛሬ ማጣራት አይቻልም። ግን ያው መጽሐፍ በአንድ ተናጋሪ አፍ ንጉሡ ያነቡ እንዳልነበር፣ ምንም እንዳልጻፉና በገዛ እጃቸው እንዳልፈረሙ ይናገራል። ይህ ይጣራል። በልጅነታቸው ከአባ ሳሙኤል ዘንድ መማራቸው፣ ፈረንሳይኛ ማንበባቸውና መናገራቸው የታወቀ ነው። ፊርማቸው በ1963 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ላይ አለ። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በአማርኛ በ1965 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1976 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ካፑሽቺንስኪ መጽሐፉን ከማሳተሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው።

አንድ ስሕተት መጽሐፍ አይጥልም። በጥሩ ጥናት ውስጥ ስሕተት ሲገኝ ማስታወሻው ከየት እንደመጣ ያሳያል፤ ምስክሩ ተሳስቷል፣ ወይም ደራሲው ሰነዱን በተሳሳተ መንገድ አንብቧል፤ የቀረው የመጽሐፉ ክፍል ግን በቦታው ይቆማል። እዚህ ግን የተሳሳተው ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ምናልባት ስሙ የተሰወረው ሰው ቂሙን ተወጥቷል፤ ምናልባት ደራሲው አድምቆታል። ስማቸው የተደበቀበት ምክንያት በኅትመቱ ዓመት የተገመተው ነውና አክብሮት ይገባዋል፤ ሆኖም ምክንያቱ ትክክል መሆኑ የአንባቢውን ችግር አያቃልለውም። በአንድ ቦታ የታየው ጥርጣሬ ምንጩ ተለይቶ ስለማይታወቅ ወደ ሁሉም ገጽ ይሠራጫል። የኢትዮጵያ ታሪክ ምሁሩ ሃሮልድ ማርከስ በ1990 ይህንኑ መጽሐፍና ያለ ምርመራ ያወደሱትን ምዕራባውያን ሐያስያን በአንድ ጽሑፍ ክፉኛ ነቅፏቸዋል፤ ጸሐፊው ጆን ራይልም በ2001 የካፑሽቺንስኪን የአፍሪካ ሥራዎች በዝርዝር ሞግቷል። የሁለቱ ትችት ከመጻፉ በፊት ግን ምልክቱ በመጽሐፉ ጀርባ ባዶ ገጾች ላይ ነበር።

ታዲያ ይጣል? የፍተሻ ፍርድ «ይነበብ» እና «ይተው» ብቻ መሆን የለበትም። ብዙ ፖላንዳውያን ያን መጽሐፍ ያነበቡት ስለራሳቸው ገዢዎች እንደተጻፈ አድርገው ነው፤ ሥልጣን በዙሪያው ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያጎብጥ የሚያሳይ ድንቅ የቃል ሥራ ነው። ስለ ሥልጣን ለሚያስብ አንባቢ ሙሉ ንባብ ይገባዋል። ስለ 1960ዎቹ ኢትዮጵያ ማስረጃ ለሚፈልግ ግን አንድም ዓረፍተ ነገር ሊጠቀስለት አይገባም። አንዱ መጽሐፍ ለሁለት አንባቢ ሁለት ፍርድ ያገኛል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ማስታወሻ መኖሩም ብቻውን ዋስትና አይደለም። የግርጌው ማስታወሻ ገጹን እኩሌታ ወስዶ ሲታይ አንባቢ ይደነግጣል፤ ማየት ያለበት ግን ምን እንደተጠቀሰ ነው። «ዝኒ ከማሁ»፣ «ዝኒ ከማሁ» እያለ ከገጽ ወደ ገጽ የሚወርድ ምዕራፍ የአንድ ቀዳሚ መጽሐፍ ማጠቃለያ ነው። እንዲህ ከሆነ ያንኑ ቀዳሚ መጽሐፍ ፈልጎ ማንበብ ይሻላል። ብዙ የአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት መጠቁም የላቸውም፤ በዚያ ጊዜ ዘርዘር ያለ ማውጫ ይተካዋል። እሱም ከሌለ የሚታወቅ ዓመት ይመረጥና ምዕራፎቹ በዓመቱ ተፈልገው ይፈተሻሉ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይቻላል።

በዚህ መለኪያ በደል የሚደርስበት አንድ ዓይነት መጽሐፍ አለ፤ ትዝታ። ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት የሕግ አማካሪ የነበረው ጆን ስፔንሰር በ1984 ያሳተመውን መጽሐፍ በንዑስ ርእሱ የግል ዘገባ ብሎታል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በማስታወሻው ብዛት መመዘን ፍትሕ አይደለም፤ ምንጩ ደራሲው ራሱ ነውና። የትዝታ ፍተሻ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ሰውየው በዚያ ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ ነበር ወይ? ፈታሹ መቅድሙን አንብቦ ደራሲው በየትኛው ዓመት በምን ሥራ ላይ እንደነበረ ይመዘግባል። ከዚያ ሦስት ምዕራፎችን ከፍቶ ደራሲው «አየሁ» ያለውንና «ተባለ» ያለውን ለይቶ ይቆጥራል። በተገኘባቸው ዓመታት «አየሁ» የሚበዛ ከሆነ እነዚያ ምዕራፎች ሙሉ በሙሉ ይነበባሉ፤ ባልነበረባቸው ዓመታት ላይ በእርግጠኝነት የሚናገረውን ግን ከሌላ መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ ማየት ነው።